ቶታል ፕሮቲን ኖርማል ሆኖ እግር ለምን ያብጣል?

ጥያቄ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሁለቱም እግሮቿ ያብጣሉ፤ ሆዷም ትንሽ ገፋ ብሏል። የደም ውጤቷ ላይ ቶታል ፕሮቲን 7.2፣ አልቡሚን 2.2 ይላል። ሐኪሙ ‹ፕሮቲን ስላነሳት ነው ያበጠችው› አለን። ግን ወረቀቱ ላይ ቶታሉ ኖርማል ነው ተብሏል። ታዲያ ምኑ ነው ያነሰው? ካልሲየሟም 7.6 ሆኖ ዝቅተኛ ተብሏል። እንቁላል በደንብ ብትበላ ይስተካከላል?»

ምላሽ፦ ወረቀቱም ሐኪሙም አልዋሹም። ሐኪሙ የተናገሩት ግን የታሪኩን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ወረቀቱ ላይ ባልተጻፈ ቁጥር ውስጥ ነው።

ያንን ቁጥር አብረን እናውጣው። ከቶታል ፕሮቲን ላይ አልቡሚንን ይቀንሱ። 7.2 ሲቀነስ 2.2፣ 5.0 ይሆናል። ይህ የእናትዎ ግሎቡሊን ነው፤ መለኪያው ግራም በዴሲሊትር ነው። ብዙ ላብራቶሪ ይህን በቀጥታ አይለካም፤ በመቀነስ ነው የሚገኘው። አንዳንዱ ጭራሽ አይጽፈውም። አልቡሚን አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5፣ ግሎቡሊን ደግሞ ከ2 እስከ 3.5 አካባቢ ነው። ስለዚህ የእናትዎ አልቡሚን በግማሽ ወርዷል፤ ግሎቡሊናቸው ደግሞ ሊያጥፍ ምንም አልቀረው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ሞላውና ድምሩ ኖርማል መሰለ። እኔ ቶታል ፕሮቲንን ብቻውን የማላምነው ለዚህ ነው።

«ድምሩ እኩል ከሆነ ታዲያ ውሃውን ለምን አይዘውም?» ይሉኝ ይሆናል። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

ደም በጣም ቀጫጭን በሆኑት ካፒላሪዎች ውስጥ ሲያልፍ ሁለት ኃይሎች ይጓተታሉ። የደሙ ግፊት ውሃን ወደ ውጭ ይገፋል። ፕሮቲኖቹ ደግሞ ውሃን ወደ ውስጥ ይስባሉ። ጨውና ስኳር በካፒላሪው ግድግዳ እንደልብ ስለሚያልፉ ውስጥና ውጭ እኩል ናቸው፤ ማንንም አይስቡም። ፕሮቲን ግን ትልቅ ስለሆነ በቀላሉ አያልፍም። ውስጥ ይቀርና ውሃውን ይጎትታል። ይህ ስበት ኦንኮቲክ ግፊት ይባላል፤ በጤነኛ ሰው 25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። እንግሊዛዊው ፊዚዮሎጂስት ኧርነስት ስታርሊንግ ይህን ጉተታ የገለጸው በ1896 ነው።

ዋናው ነጥብ ይኸውልዎ። ይህ ስበት የሚወሰነው በፕሮቲኑ ክብደት አይደለም፤ በቁጥሩ ነው። ስንት ግራም አለ ሳይሆን ስንት ሞለኪውል አለ ነው ጥያቄው። አልቡሚን ትንሽ ነው፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 66 ሺህ ገደማ ነው። ግሎቡሊን የአንድ ፕሮቲን ስም አይደለም፤ የብዙ ፕሮቲኖች ቤተሰብ ነው። ትናንሽም ግዙፍም አሉበት። በብዛት የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አይ ጂ ጂ፣ 150 ሺህ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሽንብራና አንድ ኪሎ ባቄላ ያስቡ። ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ ፍሬያቸው ሲቆጠር ግን ሽንብራው ይበልጣል።

በእናትዎ ቁጥር እናስላው። የግሎቡሊኑን አማካይ 150 ሺህ ብለን እንውሰድ፤ ሻካራ ግምት ነው፣ ለዚህ ግን ይበቃናል። 66ን ለ150 ስናካፍል 0.44 ይሆናል። በቁጥር ሲታይ አንድ ግራም ግሎቡሊን 0.44 ግራም አልቡሚን ያህል ነው ማለት ነው። ቶታሉ ያው 7.2 የሆነ ጤነኛ ሰው እናወዳድር፦

```
ጤነኛው፦  4.4 + (2.8 × 0.44) = 5.6
እናትዎ፦  2.2 + (5.0 × 0.44) = 4.4
```

ግራሙ ያው ሆኖ የሞለኪውሉ ቁጥር በአንድ አምስተኛ ገደማ ወረደ። በዚያ ላይ አልቡሚን አሉታዊ ቻርጁ ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት የሶዲየም አዮኖችን አጠገቡ ያስቀራል፤ እነሱም ውሃ ይስባሉ። ከመደበኛው 25 ውስጥ ሲሶ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ተጨማሪ ስበት ነው። ግሎቡሊኖች በዚህ በኩል ደካማ ናቸው። ኦንኮቲክ ግፊትን በአብዛኛው፣ 75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን፣ አልቡሚን ተሸክሞታል የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አቁሜ «ስለዚህ ሐኪሙ ልክ ናቸው» ብል ደስ ባለኝ። ግን ስሌቱን መልሰው ይዩት። አልቡሚኑ በግማሽ ወርዶ ግፊቱ በግማሽ አልወረደም። ከፍ ያለው ግሎቡሊን ጥቂት ደግፎታል። ከ25 ወደ 20 ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። ይህ ብቻውን ሁለት እግር ያሳብጣል?

ብዙ ጊዜ ብቻውን አያሳብጥም። ትልቁ ማስረጃ አልቡሚን ጭራሽ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሰዎች ናቸው። በጣም ብርቅ የሆነ የዘር ችግር ነው፤ መጀመሪያ የተገለጸው በ1954 ነው። አልቡሚናቸው ከዜሮ ብዙም አይርቅም። በመጽሐፉ ሕግ ከሄድን በውሃ ተነፍተው መታየት ነበረባቸው። ግን ብዙዎቹ ትልልቅ ሰዎች ሆነው የሚታይባቸው ትንሽ የእግር እብጠት ብቻ ነው። እንዲያውም አንዳንዶቹ የተገኙት ለሌላ ነገር ደም ሲሰጡ በአጋጣሚ ነው። ጉበታቸው ሌሎች ፕሮቲኖችን አብዝቶ ያካክሳል። የደም ግፊታቸውም ዝቅ ያለ ይሆናል፤ የሚገፋው ሲቀንስ ደግሞ የሚስበው ቢያንስም ሚዛኑ ይጠበቃል።

አንድ ሌላ መከላከያም አለ። ውሃ ከካፒላሪ ወጥቶ ወደ ሴሎቹ መሃል ሲበዛ እዚያ የነበረውን ፕሮቲን ያቀጥነዋል፤ ከሴሎች መሃል የተረፈውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሰው የቱቦ መረብ፣ ሊምፉም፣ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ የውጭው ስበትም አብሮ ይወርዳል። ወሳኙ የውስጡና የውጭው ልዩነት ስለሆነ ልዩነቱ ያን ያህል አይጠብም። አልቡሚን ቀስ እያለ ለወራት ሲወርድ ሰውነት የሚቋቋመው እንዲህ ነው። በነገራችን ላይ ተማሪ ሳለን «ውሃው በካፒላሪው መጀመሪያ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ይመለሳል» ተብለን ነበር። አሁን የሚታወቀው ሌላ ነው። በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውሃው ቀስ እያለ መውጣቱን አያቆምም፤ ወደ ደም የሚመልሰው ሊምፉ ነው። አንጀትና ኩላሊት ግን ውሃ መልሶ መምጠጥ ሥራቸው ስለሆነ ከዚህ ይለያሉ።

ስለዚህ የእናትዎ እብጠት ሌላ ገፊ አለው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው የደም ሥር ግፊት ከፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ኩላሊት ጨውና ውሃ መያዙ ነው። በጉበት በሽታ ሁለቱም ይገጣጠማሉ። ጉበት ጠባሳ ሲያበጅ ከአንጀት የሚመጣው ደም መንገዱ ይዘጋበታል፤ ግፊቱ ያሻቅባል፤ ውሃው ወደ ሆድ ይንጠባጠባል። ኩላሊት ደግሞ «ደም አነሰ» የሚል ምልክት ይደርሰውና ጨው ይቆጥባል። አልቡሚኑ ማነሱ ነገሩን ያባብሳል እንጂ ብቻውን አልጀመረውም።

ጉበትን አስቀድሜ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አልቡሚን የሚሠራው ጉበት ብቻ ነው፤ በጤና ጊዜ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይሠራል። አብዛኛው ሌላ ግሎቡሊንም የጉበት ሥራ ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱን፣ ማለትም ጋማ ግሎቡሊንን ግን የሚሠሩት የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ጤነኛ ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን የባክቴሪያ ርዝራዥ ያጣራል። ሲታመም ያ ርዝራዥ አልፎት ይሄድና የመከላከያ ሴሎቹን ይቀሰቅሳል፤ ጋማ ግሎቡሊን ይበዛል። አልቡሚን ዝቅ፣ ግሎቡሊን ከፍ፣ ሆድ ገፋ፦ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው።

ግን በወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ በሽታ አይባልም። ሌሎችም ሊያደርጉት የሚችሉ አሉ። ለረጅም ጊዜ የቆየ ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት መቆጣት አንዱ ነው። በዚያ ጊዜ ጉበት ሥራውን ይቀይራል፤ አልቡሚን መሥራት ቀንሶ ሲ አር ፒን የመሰሉ ፕሮቲኖችን ያመርታል። ሌላው ማልቲፕል ማዬሎማ የሚባለው የደም ካንሰር ነው፤ አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ እየተባዛ ግሎቡሊኑን ይሰቅለዋል። ኩላሊት ፕሮቲን የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ አልቡሚን ይወርዳል። ግን በዚያ ጊዜ ቶታሉም አብሮ መውረዱ ነው የተለመደው። እናትዎ ላይ ቶታሉ ስላልወረደ ኩላሊቱን ወደ ኋላ አደርገዋለሁ። ቢሆንም የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ቀላል ስለሆነ መታለፍ የለበትም።

እነዚህን የሚለይ አንድ ጥሩ ምርመራ አለ፤ ፕሮቲን ኤሌክትሮፎሬሲስ ይባላል። ሴረሙ፣ ማለትም ደም ሲረጋ የሚቀረው ፈሳሽ፣ ጄል ላይ ተደርጎ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። ፕሮቲኖቹ እንደ ቻርጃቸውና እንደ መጠናቸው ይሮጣሉ። አልቡሚን ቀድሞ ይደርሳል፤ አልፋ 1፣ አልፋ 2፣ ቤታ እና ጋማ ግሎቡሊን ይከተላሉ። ውጤቱ እንደ ተራራ ሰንሰለት ያለ ግራፍ ነው። የጤነኛው የአልቡሚን ጫፍ ረጅምና ሹል ነው። የጉበት ጠባሳ፣ ማለትም ሲሮሲስ፣ ሲሆን ይህ ጫፍ ያጥራል። የጋማው ኮረብታ ደግሞ ሰፍቶ ይነሳል፤ በቤታና በጋማ መካከል መኖር የነበረበት ሸለቆም ይሞላል። ሸለቆውን የሚሞላው አይ ጂ ኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ማዬሎማ ሲሆን ግን ኮረብታው ሰፊ አይደለም፤ እንደ መርፌ የሾለ አንድ ጫፍ ብድግ ይላል። ያንን ስዕል አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም።

ሆዳቸው ውስጥ ውሃ መኖሩ በአልትራሳውንድ ከታየ ደግሞ ትንሽ ቀድቶ መመርመር ይገባል። እዚህ ላይ አልቡሚን ራሱ መርማሪ ይሆናል። የደሙ አልቡሚን ላይ የውሃው አልቡሚን ይቀነሳል። የእናትዎ ደም 2.2 ነው፤ የሆዱ ውሃ 0.7 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 1.5 ነው። 1.1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃውን የገፋው ከአንጀት ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ነው ማለት ነው። ከ1.1 በታች ከሆነ ሌላ ነገር ይፈለጋል፤ ለምሳሌ የሆድ ውስጥ ሽፋን ቲቢ ወይም ካንሰር። የደሙም የሆዱ ውሃም ናሙና በአንድ ቀን መቀዳት አለበት፤ አለበለዚያ ቅነሳው ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ካልሲየሙ እንምጣ። ይህ የፕሮቲኖቹ ሌላ ሥራ ነው፤ ማጓጓዝ። አልቡሚን ያገኘውን ሁሉ የሚጭን ታክሲ ነው። ቅባት አሲድ፣ ቢሊሩቢን፣ ካልሲየም፣ ስንት ዓይነት መድኃኒት ይሳፈርበታል። ግሎቡሊኖቹ መካከል ያሉት ጫኞች ግን ኮንትራት ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ተሳፋሪ አለው። ትራንስፈሪን ብረት ብቻ ይይዛል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት አተም። ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን በአብዛኛው የሚይዝ ራሱን የቻለ ግሎቡሊን አለ። ሃፕቶግሎቢን ደግሞ ከተሰበረ ቀይ ደም ሴል የፈሰሰን ሄሞግሎቢን ለቅሞ ይወስዳል።

ደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ ነጻ ነው። 40 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ላይ ተሳፍሯል፤ በተለይ አልቡሚን ላይ። ጡንቻና ነርቭ የሚጠቀሙት ነጻውን ነው። አልቡሚን ሲያንስ የተሳፈረው ይቀንሳል፤ ጠቅላላውም ዝቅ ብሎ ይታያል። ነጻው ግን ምንም ላይሆን ይችላል። ለማስተካከል የሚሠራበት የታወቀ ስሌት አለ፤ አልቡሚን ከ4 ለጎደለው ለእያንዳንዱ ግራም 0.8 ይጨመራል፦

```
7.6 + 0.8 × (4.0 − 2.2) = 9.0
```

9.0 ኖርማል ነው። ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ የካልሲየም ኪኒን ለመግዛት አይሩጡ። ስሌቱ ግን ግምት ነው፤ ግሎቡሊን ሲበዛ ደግሞ ይበልጥ ይስታል። ነጻውን ካልሲየም በቀጥታ የሚለካ ማሽን ካለ እሱ ይሻላል። ጣት የሚደነዝዝ ወይም ጡንቻ የሚኮማተር ከሆነ ደግሞ ስሌት አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ለሐኪም ይነገር።

መድኃኒትም ላይ ያው ነው። እዚያ ግን ስህተቱ ይከብዳል። አንድ የሚጥል በሽታ ታማሚ ትዝ ይለኛል። አልቡሚኑ 2.0 ነበር። ፌኒቶይን የሚባለው መድኃኒቱ በደሙ ሲለካ 8 መጣ። የሚፈለገው ከ10 እስከ 20 ነው። «አነሰው» ተብሎ መጠኑ ተጨመረለት። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደ መጣ፤ ዓይኑም ይርገበገባል። ፌኒቶይን 90 በመቶው የሚጓዘው አልቡሚን ላይ ተሳፍሮ ነው። ታክሲው ሲያንስ በእግሩ የሚሄደው ይበዛል፤ የሚሠራውም የሚመርዘውም እሱ ነው። ለአልቡሚኑ ሲስተካከል ያ 8 በእርግጥ 16 ያህል ነበር፤ ከመጀመሪያውም በቂ ነበር። ከእኛ ማንም አልቡሚኑን አላየም፤ እኔም ጭምር። እናትዎ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ ወይም እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ፣ ለሐኪሙ አልቡሚናቸውን ጠቅሰው ይንገሩ።

እንቁላሉስ? ግራ መጋባቱ ከስሙ ነው። አልቡሚን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከእንቁላል ነጩ ክፍል ነው። ግን የእንቁላሉ ፕሮቲንና የደሙ ፕሮቲን የተለያዩ ናቸው። የተበላው እንቁላል አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል። እሱን እንደገና አልቡሚን አድርጎ የሚገጣጥመው ጉበት ነው። ጉበቱ ከታመመ ወይም መቆጣት ሥራውን ካስቀየረው ጥሬ ዕቃ መከመር ብቻውን ምርቱን አይጨምርም። ራሳቸውን በጣም አስርበው አጥንታቸው የቀረ ሰዎች እንኳን ብዙ ጊዜ አልቡሚናቸው ኖርማል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ዝቅተኛ አልቡሚንን «አልበላችም» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ይህ ማለት ግን እንቁላሉን ይከልክሏቸው ማለት አይደለም። የጉበት ታማሚ ጡንቻው ስለሚመነምን ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ይብሉ። እብጠቱን ይበልጥ የሚነካው ግን ጨው መቀነሱና ሐኪሙ የሚያዙት የሚያሸና መድኃኒት ነው።

«ታዲያ አልቡሚኑን እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ቢሰጧትስ?» የሚል ጥያቄም መከተሉ አይቀርም። አለ፤ ይሰጣል። ግን ቁጥር ለማስተካከል አይደለም። ከሰውነት አልቡሚን ግማሽ በላዩ ያለው ከደም ሥር ውጭ ነው። ደም ውስጥ ያለው ደግሞ በየሰዓቱ 5 በመቶ ያህሉ ወደ ውጭ ይሾልካል። የተሰጠው በቀናት ውስጥ ይበታተናል። ጥቅሙ የታወቀበት ቦታ አለ። ከሆድ ከ5 ሊትር በላይ ውሃ በአንዴ ሲቀዳ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም ይሰጣል፤ የደም ዝውውሩ በድንገት እንዳይወድቅና ኩላሊት እንዳይጎዳ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን በ2004 የወጣ ወደ 7,000 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት አልቡሚንን ከተራ ሳላይን ጋር አወዳድሮ፣ በ28 ቀን ውስጥ በሞቱት ቁጥር ልዩነት አላገኘም።

ስለ ቁጥሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብዙ ላብራቶሪ አልቡሚንን የሚለካው ብሮሞክሬሶል ግሪን በሚባል ቀለም ነው። ይህ ቀለም ጥቂት ግሎቡሊንም ይይዛል። አልቡሚን ዝቅ ሲል ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ 2.2 የተባለው ትክክለኛው 1.9 ሊሆን ይችላል። ብሮሞክሬሶል ፐርፕል የሚጠቀም ሌላ ላብራቶሪ ቢሄዱ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በሽታው ባሰ ማለት ግን አይደለም። አቀማመጥም ይቀይረዋል። ቆሞ የቆየ ሰው ውሃው ወደ እግሩ ስለሚወርድ ፕሮቲኑ ከተኛበት ይልቅ ከፍ ብሎ ይለካል።

አልቡሚን የሰውነት ውስጥ ዕድሜው ረጅም ነው። ከነበረው ግማሹ እስኪያልቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ዛሬ ሕክምና ተጀምሮ በሚቀጥለው ሳምንት ቢለካ ከሞላ ጎደል ያው ነው የሚመጣው። ስለዚህ በየሳምንቱ አያስለኩ። ሲያስለኩም በዚያው ላብራቶሪ፣ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ክንድ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ሳይቆይ ይሁን። በየቀኑ መከታተል ከፈለጉ ሚዛን ይሻላል። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በዚያው ልብስ ይመዘኑ። በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ያ ሥጋ አይደለም፤ ውሃ ነው። ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ ወይም ንግግራቸው የመዘበራረቅ ነገር ከታየ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይውሰዷቸው።